ሐይቅ፣ ሃይቅ፣ ሀይቅ

ባለፈው ዓመት የማሾ ግዢ ሲያልቅ ሒሳብ የምትሠራው ልጅ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ «ይኼ ሦስት ከተማ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ሐይቅ፣ ሃይቅ እና ሀይቅ ለየብቻቸው ተደምረው ተቀምጠዋል። ለእኛ አንድ ነው። ለጎግል ሺት ግን ሦስት የተለያየ ቃል ነው፤ ፊደሉ ከተለየ ድምፁ ቢመሳሰል አይገባውም። የተሁለደሬ ወረዳማ አጻጻፉ አምስት ደርሶ ነበር።

የምንገዛው በአራት ቦታ ነው፤ ሐይቅ፣ ሐርቡ፣ ውጫሌ እና ቢስቲማ። አራት መዝጋቢዎች ከየቦታቸው በአንድ ሺት ላይ ይጽፋሉ። እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ እደምራለሁ። ያን ጊዜ ሺቱ ባዶ ሠንጠረዥ ነበር፤ ማንም የፈለገውን ይጽፍበታል። ዘንድሮ ግዢ ሳይጀመር በፊት እንደገና ልሠራው ወሰንኩ። ሁለት ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ።

መጀመሪያ `ዝርዝር` የሚባል ገጽ ከፈትኩ። ኮለም A ላይ ወረዳ፣ ኮለም B ላይ ቀበሌ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ረድፍ፣ የወረዳው ስም ከጎኑ እየተደገመ። ኮለም D ላይ `=UNIQUE(A2:A)` ብዬ የወረዳዎቹን ስም አንድ አንድ ጊዜ አወጣሁ። የወረዳው ድሮፕዳውን ከዚያ ነው የሚያነበው። `Data validation` ውስጥ `Dropdown (from a range)` መርጬ፣ ከታች `Reject the input` አደረግኩ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ፈተናው ቀበሌው ነው። መዝጋቢው ወረባቦን ሲመርጥ የወረባቦ ቀበሌዎች ብቻ እንዲመጡለት እፈልጋለሁ። ኤክሴል ላይ `INDIRECT` ድሮፕዳውኑ ውስጥ ተጽፎ ይሠራል። ጎግል ሺት ግን ድሮፕዳውኑ ውስጥ የሴል ክልል እንጂ እንዲህ ያለ ፎርሙላ አይቀበልም። ስለዚህ `ረዳት` የሚባል ሌላ ገጽ ያስፈልጋል። እዚያ እያንዳንዱ ረድፍ፣ መዝጋቢዎቹ በሚጽፉበት `መግቢያ` ገጽ ላይ ያለው አቻው D ላይ ምን ወረዳ እንደተመረጠ አይቶ ቀበሌዎቹን ወደ ጎን ይዘረግፋል። A2 ላይ ይህን ጽፌ እስከ 600ኛው ረድፍ ድረስ ወደ ታች ገለበጥኩት፦

```
=IFERROR(TRANSPOSE(FILTER('ዝርዝር'!$B$2:$B,'ዝርዝር'!$A$2:$A='መግቢያ'!D2)))
```

ከዚያ የቀበሌው ድሮፕዳውን ክልል `='ረዳት'!A2:AZ2` ይሆናል። የዶላር ምልክት የለውም። እዚች ላይ ግማሽ ቀን ጠፋብኝ። ክልሉን በማውስ ስመርጠው `$A$2:$AZ$2` ብሎ ራሱ ዶላር ጨመረበት፤ እኔም አላየሁትም። ሁለተኛው ረድፍ በትክክል ሠራ፤ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቃሉ ወረዳን ስመርጥ ግን የሁለተኛው ረድፍ ቀበሌዎች መጡ። ሁሉም ረድፍ አንዱን ዝርዝር የሚያሳያችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ ዶላሩ ነው። AZ ድረስ የሄድኩትም ያለምክንያት አይደለም። መጀመሪያ Z ላይ አቁሜው ነበር፤ ያ 26 ቀበሌ ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ በላይ ያለው ወረዳ ትርፎቹ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ከዝርዝሩ ይቀራሉ።

ቀኑ ላይ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። እኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ሺቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ቀን አስቀድሞ በሚያነብ ቅንብር ላይ ጥቅምት 28 ቀን 2017ን `28/2/2017` ብላችሁ ብትጽፉ «እሺ፣ ፌብሩዋሪ 28 ነው» ብሎ ይቀበላል። በማግስቱ 29 ስትሉት በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ቀን ያደረገው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ያደረገው ወደ ግራ፤ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ጳጉሜንማ ተዉት፣ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን በሦስት ኮለም ከፈልኩት። ዓመተ ምሕረቱ A፣ ወሩ በድሮፕዳውን B፣ ቀኑ C። ቀኑ ላይ `Custom formula is` ብዬ ይህን ሰጠሁት፦

```
=AND(C2>=1,C2<=IF($B2="ጳጉሜ",IF(MOD($A2,4)=3,6,5),30))
```

ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። 2015 እንደዚያ ነበር። ወሩን ከቀኑ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው፤ ቀኑ ሲጻፍ ወሩ ካልታወቀ ደንቡ የሚፈትሽበት ነገር የለውም።

ኪሎው ላይ ከ1 እስከ 2000 ያለ ቁጥር ብቻ ፈቀድኩ። «350 ኪሎ» ብሎ መጻፍ ቀረ። ግን አንዱ ሦስት ኩንታል ተኩል ለማለት 3.5 ቢጽፍ ደንቡ ያሳልፈዋል። 3.5 ኪሎ ይዞ የሚመጣ ገበሬም ስላለ መከልከል አልቻልኩም። እሱን በዓይን ነው የምናየው።

ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ሐይቅ ላይ ማሾ ሸጠ። መዝጋቢያችን ተሁለደሬ ብላ ቀበሌ 04ን መረጠች። ሰውየው «እኔ እኮ ከወረባቦ ነኝ» ሲላት ወረዳውን ወደ ወረባቦ ቀየረች። ቀበሌውን ግን ረሳችው። የሰውየው ቀበሌ 07 ነበር፤ ሺቱ ላይ 04 እንዳለ ቀረ። ወረባቦም 04 የሚባል ቀበሌ ስላለው ሺቱ ምንም አላለም። ላይኛው ምርጫ ሲቀየር ታችኛው በራሱ አይጠፋም፤ ይህን አላውቅም ነበር። ገንዘቡ ሲከፈል የወረባቦ 04 ዝርዝር ውስጥ ማንም የማያውቀው ሰው ወጣ።

መፍትሔው ስሙን መቀየር ሆነ። `ዝርዝር` ገጽ ላይ እንደ 04 በቁጥር ብቻ ያለውን ሁሉ «ተሁለደሬ 04»፣ «ወረባቦ 04» አደረግኩት። በዚያው 04 ብዬ ስጽፍ ዜሮውን እየበላ 4 ከሚያደርግብኝ ነገርም ተገላገልኩ። አሁን ወረዳው ሲቀየር አሮጌው ቀበሌ ከአዲሱ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ የሴሉ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል። ይወጣል እንጂ አይሰርዘውም፤ `Reject the input` የሚከለክለው አዲስ የሚጻፈውን እንጂ ቀድሞ የገባውን አይደለም። በስልክ ደግሞ ያቺ ቀይ ጥግ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ነው የምታክለው። ስለዚህ J ላይ ማረጋገጫ ጨመርኩ፤ ጠቅላላ ብሩን I ላይ ከሱ ጋር አሰርኩት፦

```
J1: ={"ማረጋገጫ";ARRAYFORMULA(IF(E2:E="","",IF(COUNTIFS('ዝርዝር'!A2:A,D2:D,'ዝርዝር'!B2:B,E2:E)=0,"ቀበሌው አይገጥምም","ደህና")))}
I1: ={"ጠቅላላ ብር";ARRAYFORMULA(IF(J2:J="ደህና",G2:G*H2:H,""))}
```

ወረዳና ቀበሌ ካልተገጣጠሙ ብሩ አይታይም። ብሩ ካልታየ ገበሬው አጠገባቸው ቆሟል፤ መዝጋቢዎቹ ወዲያው ያርሙታል። ከቀይ ምልክት ይልቅ ይቺ ሠራች።

ጥበቃው ላይም ተሳስቻለሁ። ፎርሙላው ያለው I1 እና J1 ላይ ብቻ ስለሆነ `Protect sheets and ranges` ገብቼ ሁለቱን ሴሎች ብቻ ቆለፍኩ። በአንዱ ቀን የብሩ ኮለም ድንገት ባዶ ሆነ። I1 ላይ `#REF!` ብቻ ቀርቷል። ማውሱን ሳስጠጋው ውጤቱ I37 ላይ ያለውን ሊደመስስ ስለሆነ አልተዘረጋም ይላል። ወደ ታች የሚዘረጋ ፎርሙላ መንገዱ ላይ አንድ ቁጥር ካገኘ በሙሉ ይቆማል። 37ኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ብሩን በእጁ ጽፎታል። ሐርቡ ደወልኩ፤ «ወላሂ አልነካሁትም» አለኝ። ሴሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ `Show edit history` ስል የወጣው የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ናቸው። እሳቸውም አልካዱም፦ «ባዶ ሆኖ አየሁት ልጄ፣ ልርዳችሁ ብዬ ነው።» ያ ባዶ የሆነው ቀበሌው ስላልገጠመ ነበር።

አሁን ገጹን በሙሉ ቆልፌ `Except certain cells` ላይ `A2:H600`ን ብቻ ከፈትኩ። `ዝርዝር` እና `ረዳት` ሙሉ በሙሉ ዝግ ናቸው። በዚህ ምክንያት መዝጋቢዎቹ ረድፍ መሰረዝም ማስገባትም አይችሉም፤ ቅር ብሏቸዋል፣ እኔ ግን ተመችቶኛል። ሊንኩን «ላገኘው ሁሉ» ብዬ አልተውኩም፣ በየሰዉ ጂሜይል ነው የሰጠሁት። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቁልፉን በራሳችሁ አካውንት አትሞክሩት። የፋይሉን ባለቤት አያግደውም፤ እኔ ሁሉ ነገር ሲከፈትልኝ ቁልፉ አልሠራም ብዬ ሁለት ሰዓት ተሟግቻለሁ። የሚስቴን ስልክ ተውሼ ነው የገባኝ።

ቁልፉ የማይደርስበት ግን አለ። ክፍት በተዉኩት ሴል ላይ ያለው ድሮፕዳውን አይጠበቅም። የውጫሌው ልጅ ኔትወርክ ሲጠፋበት በራሱ ሺት መዝግቦ፣ ሲመለስ 40 ረድፍ ገልብጦ ለጠፈ። ኮፒ የተደረገው ሴል የራሱን ደንብ ይዞ ይመጣል፤ የእሱ ደንብ ስለሌለው የእኔም አብሮ ተጠረገ። ቀስቶቹ ጠፉ፤ «አምባሠል» በንጉሡ ሠ ተመልሳ መጣች። ማረጋገጫው ግን 40ውንም «አይገጥምም» ብሎ ያዘ። ደንቡን የመለስኩት ደህና ከሆነ ረድፍ ኮፒ አድርጌ፣ `Paste special` ውስጥ `Data validation only` በማለት ነው። ልጁን ደግሞ `Ctrl+Shift+V` አስለመድኩት፤ ጽሑፉን ብቻ ነው የሚለጥፈው።

ትናንት ማታ ከሐርቡ ተደወለ። «አንድ ገበሬ ከባቲ መጥቷል፣ ዝርዝሩ ላይ ባቲ የለም፣ ቃሉ ብዬ ልምረጥ?» አለኝ። እንዳትመርጥ አልኩት። `ዝርዝር` ገጽ መጨረሻ ላይ ባቲን ከሰውየው ቀበሌ ጋር ጨመርኩ። ስልኩ ሳይዘጋ ሐርቡ ላይ ድሮፕዳውኑ ውስጥ ወጣለት፤ ብሩም ታየ። ጀርባው ላይ ገበሬው «ተገኘሁ እንዴ?» ሲል ይሰማ ነበር።