ገደልን እንዳይሉ

የእህቴ ልጆች ሰሞኑን አንድ የቆየ ቀረርቶ ይዘው ከርመዋል። ስለ አጼ ቴዎድሮስ ሞት የተገጠመ የሕዝብ ግጥም ነው። ቃሉ ከአንዱ አቀንቃኝ ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል፤ እኔ ያደግሁበት እንዲህ ይላል፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ገደልን እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው፣
ማረክን እንዳይሉ ሰው የለ በጃቸው፣
ምን አሉ እንግሊዞች ሲገቡ አገራቸው፣
ለወሬ አይመቹም ተንኮለኛ ናቸው።

ዜማውን ወደውታል። ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው እንደሞቱም ከትምህርት ቤት ያውቃሉ። ግጥሙን ግን እንደ ውዳሴ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ ጀግና ነበሩ፣ ሞቱ፣ አለቀ። ትልቋ ግን አንድ ነገር ከንክኗት ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። እስከ ማታ ያወራነውን ሳይጠፋብኝ እዚህ ላስፍረው።

አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከአምባው ሥር እሮጌ ላይ ጦርነት ነበር። የንጉሡ ወታደሮች ቁልቁለቱን ወርደው የጄኔራል ናፒየርን ጦር ገጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬ እየመራ ነበር፤ እዚያው ወደቀ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበርና የኛዎቹ አንዴ ተኩሰው በአፈሙዝ እስኪያጎርሱ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ከቴዎድሮስ ወገን አለቀ፤ ከሺህ በላይ ቆሰለ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ገደማ ሲሆን የሞተው 2 ነው።

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ግጥሙ ለምን አንድ ይላል?» አለች። ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፤ የግጥሙ በር የሚከፈተው እዚህ ነውና። ግጥሙ ሬሳ እየቆጠረ አይደለም። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን ከሌላው ሰው ሁሉ ለይታ ታቆማለች፤ የቀረው ሰው የለም ማለቷ ሳይሆን የዚህ ሰው ሞት በሌላው ሞት መጠን እንደማይለካ መናገሯ ነው። «የሴቱን አናውቅም» የሚለውም ሴት ለመናቅ የገባ አይደለም። አምባው ላይ የንጉሡ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ነበሩ፤ ከሩቅ የሚሰማው ጩኸት የሴቶቹ ነው፤ ከጩኸቱ መሐል የሚወጣው ወሬ ግን አንድ ነው። አፋፉን ደግሞ እንደ ጌጥ አይዩት አልኳቸው። መቅደላ ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው፤ ግምጃ ቤትም፣ ምሽግም፣ እስር ቤትም ነበር። ምኒልክ ራሳቸው በወጣትነታቸው እዚያ ታስረው በ1857 ዓ.ም. ነው ያመለጡት። ከጦርነቱ ዋዜማ ደግሞ ንጉሡ ተቆጥተው ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ከዚያው አፋፍ ወደ ገደሉ አስወርውረዋል። ይሄንንም ነገርኳቸው። ንጉሡን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ስለዚያ አፋፍ እያወራሁ ይሄን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ጩኸቱ የአንድ ቀን ጩኸት አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባን፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ገደልን እንዳይሉ» የሚለውን ልጆቹ የሚረዱት «እንግሊዞች አልገደሏቸውም» ብሎ እንደሚያስረዳ ዜና ነው። የግጥሙ ክብደት ግን «እንዳይሉ» ላይ ነው ያለው። መግደል አንድ ነገር ነው፤ «ገደልኩ» ማለት ሌላ። በዚያ ዘመን ወታደር ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት ግዳይ ይጥላል። ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ፣ «ገዳይ!» እያለ ይፎክራል፤ ማንን የት እንደገደለ፣ ስንት እንደማረከ ይቆጥራል፣ ያመጣውንም ከእግር ሥር ይጥላል። ሹመቱ፣ ሽልማቱ፣ የወንድነቱ ስም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ አፉን ሞልቶ የሚቆጥረው ነገር ያስፈልገዋል። በሌላ እጅ የወደቀውን የኔ ነው ቢል ያዋርደዋል፤ ሞቶ ያገኘውን ገደልኩ ቢልማ ይሳቅበታል።

አሁን ግጥሙን መልሳችሁ ስሙት አልኳቸው። ናፒየር ግዳይ ሊጥል አደባባይ እንደቆመ ሰው ነው። ገጣሚው ደግሞ ከጎኑ ቆሞ የሚቆጥረውን አንድ በአንድ ከአፉ ይነጥቀዋል። ገደልኩ ልትል ነው? ሞተው ነው ያገኘሃቸው። ማረክሁ ልትል ነው? በእጅህ ሰው የለም። ፉከራ ከሁለቱ ውጭ ምን ቀረው? ታሪኩም ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ ሰኞ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞቹ ቆቂት በርን ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ አብዛኛውን ሰው አሰናብተው ከጥቂቶች ጋር ነበር የቀሩት። ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነው። እንግሊዞቹ ሲደርሱ ሬሳ ነው ያገኙት።

ትንሹ ልጅ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ሲገቡ አገራቸው» የሚለውን ወደ እኛ አገር ሲገቡ መስሎት ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ይሰማዋል፤ መልሱ ግን ከላይ ካሉት ሁለት ስንኞች ይገኛል። ፉከራ ተመልሶ ነው የሚፎከረው። ወታደር ደስታውን የሚያሰማው ቤቱ ገብቶ፣ ወገኑ ከቦት «እህ፣ ምን ሠራህ?» ሲለው ነው። ስለዚህ አገራቸው የተባለው የእንግሊዞቹ አገር ነው፦ ለንደን ገብተው ምን ብለው ይሆን? እንዲህ ሲሰማ አራተኛው ስንኝ በቦታው ይቀመጣል። ለወሬ የማይመቹት ቴዎድሮስ ናቸው፤ ለተራኪው የሚነገር ነገር ሳይተዉለት ሄደዋል። «ተንኮለኛ» እዚህ ስድብ አይደለም። ጠላቱን በሞቱ ያታለለ ሰው የሚደነቅበት ቃል ነው። አንቱታውንም ልብ በሉ፤ ፊት «አንድ ሰው» ያለው ግጥም እዚህ ሲደርስ «አገኟቸው» ይላል። ሬሳቸውም ቢሆን ለግጥሙ ንጉሥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር ያልፋል። ራስን ማጥፋት በቤተ ክርስቲያን ከባድ ኃጢአት ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ሙሾ አውራጅ እንኳ ዝቅ ብላ ነው የምትናገረው። ይህ ግጥም ግን ሞቱን ከኃጢአት ወገን አውጥቶ ከጦርነት ወገን አስገብቶታል። የንጉሡ ተኩስ የመጨረሻው መከላከያ ሆኖ ተቆጠረ። ይሄን ያደረገው ሊቅ ወይም ጳጳስ አይደለም፤ አልቃሽና አዝማሪ ነው። እኔ በጣም የምደነቀው በዚህ ነው፤ ልጆቹ ግን ይህኛውን እምብዛም አላደመጡኝም።

ትልቋ የተያዘችው «ማረክን» ላይ ነበር። በርግጥ ምንም አልማረኩም ወይ አለች። እውነቱ ሌላ ነው። በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ አስጭነው ነው የወጡት፦ የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦት። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው አብሯቸው ነበር። ዕቃውን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጡት፤ አምባውን ሚያዝያ 10 ቀን አቃጥለውት ሄዱ። ናፒየርም አገሩ ሲገባ «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» ተብሎ ተሾመ፤ ግጥሙ የነሳውን ፉከራ መንግሥቱ በማዕረግ ሰጠው። ስንኙ ስለ ዕቃ ዝም ያለው ሳያውቅ አይመስለኝም። በግዳይ ሕግ ዋናው ሰው ነው፤ ዕቃ ዝርፊያ ይባላል እንጂ ጀግንነት አይባልም። ገጣሚው «ሰው የለ በጃቸው» ሲል ቃሉን መርጦ ነው።

«ግን ሰው ነበረ» አለች ልጅቷ። «ዓለማየሁስ?»

ልክ ናት። የንጉሡ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንግሊዞቹ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ይዘውት ወጡ፤ እናቱ ባሕሩ ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞተች። ልጁ እንግሊዝ አድጎ፣ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 እንኳ አይሆንም ብሏል። ስለዚህ «ሰው የለ በጃቸው» የሚለው ስንኝ ለአባትየው እንጂ ለልጁ እውነት አይደለም። ልጅቷ «ታዲያ ግጥሙ ዋሸ?» ስትለኝ የመለስኩላት ይሄን ነው፦ ሙሾ ለሟቹ ይሟገታል፤ የሟቹን ስም ከጠላት አፍ ማስጣል ነው ሥራው፤ ስለዚህ ለክርክሩ የማይመቸውን ይተዋል። ሌላውን የምንሰማው ከታሪክ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መስማት ደግሞ የሰሚው ፈንታ ነው።

አልረካችም። ስለ ልጁ የተገጠመ አለ ወይ እያለች ነው የተኛችው። ነገ ቅዳሜ ስለሆነ የአባቴን የድሮ ካሴቶች ከሳጥን አውጥተን አብረን ልንሰማ ተስማምተናል።