አራት ተናጋሪ፣ አራት ዓረፍተ ነገር

ስለ ሆስፒታል ወረፋ የሚወያይ ፓነል እንድመራ ተሰጥቶኝ ነበር። ተናጋሪዎቹ አንድ ፕሮፌሰር፣ አንድ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣ የቀጠሮ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያና አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናቸው። የተሰጠን 45 ደቂቃ ነው።

የላኩልኝን የሥራ ታሪክ እንዳለ አነበብኩት። የፕሮፌሰሩ አንድ ገጽ ተኩል፣ የነርሷ ሁለት መስመር። ማስተዋወቁ ብቻ 9 ደቂቃ በላ። ከሰዓቱ በላይ እስካሁን የሚቆጨኝ ግን አጠራሬ ነው፤ ፕሮፌሰሩን «እውቁ ተመራማሪ» ብዬ «እሳቸው» እያልኩ ስጠራ፣ ነርሷን «ወጣቷና ታታሪዋ» ብዬ፣ «ሲስተር» የሚለውን እንኳን ዘልዬ፣ «እሷ» አልኳት።

መድረኩ ለጥያቄ ሲከፈት ሁሉም ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ። አንዱ «በሽተኛው ብዙ ሰዓት የሚቆመው የት ጋ ነው?» ሲል እንኳን የጠየቀው እሳቸውን ነው። እሳቸው ራሳቸው «ይህንን ሲስተር ብትመልሰው ይሻላል» አሉ። ስንወጣ ሲስተር «ሰዉ እኮ እኔ ለምን እንደመጣሁ አላወቀም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ፓነል የሥራ ታሪክ መቀበል ተውኩ። እያንዳንዱን ተናጋሪ ደውዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ በዚህ ርዕስ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ እርስዎ በቅርብ የሚያውቁት ምንድን ነው? ከመልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። ያንን የወረፋ ፓነል ዛሬ ብመራው እንዲህ ነበር የምለው፦ «ፕሮፌሰር እገሌ ወረፋ ለምን እንደሚረዝም ለዓመታት ያጠኑ ናቸው።» «ሲስተር እገሊት በሽተኛው በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኛቸው፣ ማን ይቅደም ብለው የሚወስኑ ናቸው።» ሥራ አስኪያጁ ስንት ሠራተኛ በየትኛው ሰዓት እንደሚመደብ የሚወስኑ፣ የሶፍትዌሩ ባለሙያ ደግሞ ቀጠሮ ይዞ የሚቀረው ሰው ወረፋውን እንዴት እንደሚያዛባ በየቀኑ የሚያዩ።

ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን የማውቅበት መንገድ አለኝ። የአንዱን ዓረፍተ ነገር ለሌላው ሰጥቼ ልክ ይመጣ እንደሆነ አያለሁ። «የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው» የሚለው ለአራቱም ልክ ይመጣል፤ ስለዚህ ይሰረዛል። «እውቅ» እና «ታታሪ» ዓይነት ቅጽሎችንም ከሁሉም ላይ አነሳለሁ፣ ምክንያቱም ለአንዱ ካልኩ ለቀሪው አለማለቴ ይሰማል። ማዕረግ ያለው ሁሉ በማዕረጉ፣ ሁሉም በአንቱታ፣ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል። ከዚያ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንዱ 10 ሰከንድ፣ ሌላው 25 ከሆነ ረጅሙን እቆርጣለሁ። በመጨረሻ ለራሱ ለተናጋሪው እልክለታለሁ፤ የስም አነባበብ ስህተትና የተቀየረ የሥራ ቦታ የሚገኘው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ተናጋሪ «ሽልማቴን አልጠቀስሽም» ብለውኝ ያውቃሉ። ሽልማቱ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ እንዳለ ነገርኳቸው፤ መድረኩ ላይ ግን አልጨመርኩትም።