ሥራ በድንገት ሲቀር ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ

ዛሬ የማሰፍረው ብድር እየከፈለ ሳለ ከሥራ የተቀነሰ ሰው የእፎይታ ጊዜ ለመጠየቅ ለባንኩ ስለሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ብዙውን ጊዜ ደብዳቤው "ያለሁበትን ችግር ተረድታችሁ ትብብር ታደርጉልኝ ዘንድ" እያለ አንድ ገጽ ይሞላና ስንት ወር፣ ስንት ብር የሚለውን ሳይነካ ያልቃል። የሚያነበው የብድር ኦፊሰር ቢያዝን እንኳ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ የሚወስነው የብድር ኮሚቴው ነውና ለኮሚቴው የሚያቀርበው ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሩን ደብዳቤው ላይ ካላገኘው ወይ ባለጉዳዩን መልሶ ይጠራዋል፣ ወይ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርገዋል። ሁለተኛው ይበዛል።

ከይዘቱ በፊት ጊዜው ይቀድማል። ደብዳቤው መግባት ያለበት የመጀመሪያው ወርሃዊ ክፍያ ሳያልፍ፣ ብድሩ ገና ንጹሕ እያለ ነው። በብሔራዊ ባንክ አሠራር ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ከተበላሹት ጎራ ይመደባል። ከዚያ በኋላ ባንኩ ለብድሩ ከፍ ያለ መጠባበቂያ መያዝ ስላለበት ማራዘሚያ መፍቀዱ ለራሱም ይከብደዋል፤ አስቀድማችሁ ይህን ያህል ውዝፍ ክፈሉ ማለትም ይጀምራል። ቤት በመያዣነት ተይዞ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አለው። ስለዚህ "ሥራ ካገኘሁ በኋላ ብሄድ ይሻላል" እያሉ ሁለት ወር መቆየት ትልቁን ጉልበት ያባክናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ የተጣራ ቀሪ ዕዳው 600,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 48 ወር የሆነ ሰው እንውሰድ። ወርሃዊ ክፍያው 17,000 ብር አካባቢ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ወር 8,000 ብሩ ወለድ ነው። ደመወዙ 45,000 ነበር፤ አምስት ዓመት ሠርቶ በሠራተኛ ቅነሳ ወጣ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። ይህ ማለት 45,000 ሲደመር አራት ጊዜ 15,000፣ በድምሩ 105,000 ነው። በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ስለሚያገኝ 90,000 ይጨመርና 195,000 ይሆናል። ግብሩ ሲቀነስ እጁ የገባው 150,000 ነው እንበል። የቤት ወጪው በወር 28,000 ከሆነ፣ ሙሉውን የብድር ክፍያ እየከፈለ ከቀጠለ ገንዘቡ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ይዞት ያልቃል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ምንም ሳልከፍል ልቆይ" ብሎ ይጠይቃል። ይፈቀድለት ይሆናል፤ ወለዱ ግን አይቆምም። አራት ወር ሳይከፍል ቢቆይ 32,000 ብር ወለድ ይጠራቀምና ዕዳው 632,000 ይደርሳል። የብድሩ ማብቂያ ቀን እንደነበረ ከቀረ በ44 ወር ውስጥ መክፈል ስላለበት ወርሃዊው ወደ 19,100 ያሻቅባል። ከሥራ አጥነት ገና የወጣ ሰው በየወሩ ሁለት ሺህ ብር ጭማሪ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

እኔ የማደላው ለሌላው መንገድ ነው፤ አራት ወር ወለዱን ብቻ መክፈል፣ ማብቂያውንም በአራት ወር መግፋት። በወር 8,000 ለባንክ፣ 28,000 ለቤት፤ በአራት ወር 144,000 ይሆናል። ከ150,000ው ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ 600,000 ላይ ስላለ በ48 ወር ሲከፈል ወርሃዊው እንደበፊቱ 17,000 ነው። "ማብቂያው ይገፋልኝ" የምትለዋን ቃል መርሳት ግን አይገባም። ካልተጻፈች ያው 600,000 በ44 ወር ይከፋፈልና 18,100 ገደማ ይወጣል። ኮሚቴውም ይህን ጥያቄ በቀላሉ ያያል፤ ወለዱ እየገባ ያለ ብድር ለባንኩ ሕያው ነው።

ደብዳቤው ራሱ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም። ቀን፣ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ "ጉዳዩ፦ የ4 ወር የእፎይታ ጊዜና የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ስለመጠየቅ"፣ የብድር ሒሳብ ቁጥር። ዋናው ክፍል እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"ከባንኩ በወሰድኩት ብድር እስከ አሁን አንድም ክፍያ አላስተጓጎልኩም። በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ሥራዬን ስላጣሁ ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ለ4 ወራት በየወሩ ወለዱን 8,000 ብር ብቻ እንድከፍል፣ የብድሩ ማብቂያም በ4 ወር እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ። ለእነዚህ ወራት የምከፍለው ከተቀበልኩት የስንብት ክፍያ ነው። ሥራ ካገኘሁ ወዲያውኑ ለባንኩ አሳውቄ ወደ ሙሉ ክፍያ እመለሳለሁ።"

የስንብት ክፍያውን መደበቅ የሚቃጣው አለ። አያዋጣም፤ ኦፊሰሩ የሒሳቡን እንቅስቃሴ ከፊቱ ከፍቶ ነው የሚያነበው። ይልቅ መታሰብ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የስንብት ክፍያው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የብድሩ ክፍያ በሚቆረጥበት የደመወዝ ሒሳብ ላይ ነው። ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ የባንኩ ሲስተም ሙሉውን 17,000 መቁረጡን አያቆምም። ይህን አስልቶ የቤቱን ወጪ በሌላ ሒሳብ ማስቀመጥ መብት ነው፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ገንዘብ ግን በተባለው ቀን መገኘት አለበት።

አባሪዎቹ ጥቂት ናቸው፦ የስንብት ደብዳቤው ማኅተም ያለበት ኮፒ፣ የስንብት ክፍያው የተሰላበት ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ካለ የሥራ ልምድ ማስረጃ። ብድሩ በሰው ዋስትና የተሰጠ ከሆነ ባንኩ የዋሱን የጽሑፍ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ዋሱ ከባንክ በሚደወልለት ስልክ ከሚሰማ ከተበዳሪው አፍ ቢሰማ ይሻላል፤ ተቆጥቶ "አልፈርምም" ያለ ዋስ ማመልከቻውን ያንጠለጥለዋል። የጋራ ቤት ከተያዘም የባለቤት ፊርማ ያስፈልጋል።

ሁለት ኮፒ ይዞ መሄድ ነው። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትቶ መውጣት ነው። "ችግር የለም፣ እናየዋለን" የሚል የቃል መልስ ከሥራ አስኪያጅም ቢመጣ 90 ቀኑን አያቆምም። ከሳምንት በኋላ በዚያው ገቢ ቁጥር መጠየቅ ነው።

ከተፈቀደ ተሻሽሎ የሚፈረመው ውል ላይ ሦስት ነገር ይታያል፦ የወለዱ መጣኔ ተቀይሮ እንደሆነ፣ የቅጣት ወለድ የሚጀምርበት ቀን፣ አዲሱ የማብቂያ ቀን። አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥ በወረቀት መቀበልም ያስፈልጋል። በመጨረሻ የቀጣዩን ወር የሒሳብ መግለጫ ማየት ነው፤ ውሉ ተፈርሞ ሳለ ሲስተሙ ላይ ሳይስተካከል ቀርቶ ያው የድሮው 17,000 የሚቆረጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።