መጣህ ወይስ መጣሽ?

ነገ ለሚመጣብን የውጭ እንግዳ በእንግሊዝኛ መልእክት ስጽፍ አመሸሁ። «ዌልካም ቱ ደሴ» ቀላል ነበር። ጣጣው የመጣው እንደ ወጉ አማርኛ ልጨምርበት ስል ነው። «መጣህ» ልበል «መጣሽ»? ከስሙ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ የእንግሊዝኛው «ዩ» ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ በአንቱታ ተገላገልኩ።

መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት 3 ሰዓት ላይ እቀበላለሁ ብያለሁ፤ ለፈረንጅ 3 ሰዓት ወይ ሌሊት ነው ወይ ከሰዓት! ወደ ጠዋቱ 9 ቀየርኩት። ሐረጎን ሲወጡ ስለሚበርድ ጃኬትም አልረሳሁም።

እናቴ ከጎኔ፣ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለህ ጻፍ፤ አንድ ስኒ ጠጥቶ እንዳይነሳብኝ» አለች። ሦስቱንም ጻፍኩ።