ጃዝን በ«ትዝታ» በር መግባት

ጃዝ ለእኔ ለብዙ ዓመታት የሆቴል መግቢያ ሙዚቃ ነበር። ሰው ማኪያቶውን እየጠጣ የማያዳምጠው፣ ሲቋረጥም ማንም ልብ የማይለው ዓይነት። አንዱ ሳክስፎን ይዞ ይነሣል፣ ይወጣል ይወርዳል፣ ዜማው የት እንደገባ ሳይታወቅ ሌላው ይቀበለዋል፤ በመካከል ይጨበጨባል። ለምን እንደሚጨበጨብ ገብቶኝ አያውቅም።

አንድ ክረምት፣ ማታ ማታ ከቤት መውጣት የማይቻልበት ጊዜ ላይ፣ «እስቲ ይህን ነገር ልየው» አልኩ። የመጀመሪያው ሙከራዬ በሦስት ቀን ተበላሸ። ታላላቅ የሚባሉትን አልበሞች ፈልጌ በዝርዝሩ ላይኛው ጫፍ ካገኘኋቸው አንዱን፣ የሳክስፎን ተጫዋቹን የጆን ኮልትሬንን «ጃያንት ስቴፕስ» ከፈትኩ። በ1959 እ.ኤ.አ. የተቀዳው ይህ ሥራ ከሥሩ ያለው የድምፆች ስምምነት በየሁለት ምቱ ወይም በየአራት ምቱ ይቀያየራል፤ ያውም በሩጫ። በአንድ ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ መቆየት ለለመደ ጆሮ በታክሲ ውስጥ ወደ ኋላ ተቀምጦ ጠመዝማዛ ዳገት እንደ መውጣት ነው። በኋላ እንደተረዳሁት በቀረጻው ላይ የነበረው ፒያኒስት ቶሚ ፍላናጋን ራሱ ተራው ሲደርሰው እየቆራረጠ ነው የተጫወተው። የተካነ ባለሙያ የተንገዳገደበትን እኔ መነሻ አድርጌው ነበር።

ያዳነኝ ጎረቤቴ ነው። ጋሼ እንለዋለን፤ በወጣትነቱ በአንድ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ትራምፔት ይነፋ የነበረ ሰው ነው። ቅሬታዬን ስነግረው በጥያቄ መለሰልኝ።

«ልጄ፣ ‹ትዝታ› የማን ዘፈን ነው?»

«የማንም አይደለም፤ ማሕሙድም ዘፍኖታል፣ በዛወርቅም ዘፍናዋለች።»

«ታዲያ በዛወርቅን ስትሰማ ዜማው አዲስ እንዲሆንልህ ትጠብቃለህ?»

አልጠብቅም። ዜማውን ይዤ ነው የምቀመጠው። የምጠብቀው ምን ስንኝ እንደምታስገባ፣ የትኛው ቦታ ላይ ድምፅዋን እንደምትሰብር፣ የት እንደምትዘገይ ነው። የጃዝ ተጫዋቾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ያሰሙሃል፤ ከዚያ ዜማው ይጠፋል፣ ርዝመቱና መሠረቱ ግን ሳይለወጥ እየደጋገመ ይዞራል። በየዙሩ ላይ ተጫዋቹ የራሱን ስንኝ ይቋጥራል። መጨረሻ ላይ ዜማው ይመለሳል። እኔ የጎደለኝ ጣዕም አልነበረም፤ ዜማው ከጠፋ በኋላም በውስጤ ይዤው መቆየት እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከጋሼ ጋር ሆነን ያወጣነው ዕቅድ አንድ ወር ገደማ ወሰደ። በቀን ከሁለት ሥራ በላይ አልሰማም፤ ሥራ እየሠራሁም አልሰማም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከቤት ሳይወጡ ነው። የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» በየቀኑ ሰማሁ። ቅኝቱን ጆሮዬ ስለሚያውቀው የቀረኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ ዋናው ዜማ የሚያበቃበትን፣ ተጫዋቹ ብቻውን የሚወጣበትንና ዜማው የሚመለስበትን ቅጽበት መያዝ። ወዲያው ተከትሎ የሆራስ ሲልቨርን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» አስከተልኩ። ሁለቱን ተከታትሎ የሰማ ሰው የቤዙ አረማመድ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳይነገረው ያውቃል። ሙላቱ ቦስተን በርክሊ የተማረ ሰው ስለሆነ ይህ አይገርምም፤ እኔን ግን ገረመኝ፤ የጠላሁትን ነገር ግማሹን ለዓመታት ስወደው ኖሬአለሁ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የአርት ብሌኪ ቡድን በ1958 የቀዳውን «ሞኒን» ያዝኩ። ዜማው የፒያኒስቱ የቦቢ ቲመንስ ነው። ፒያኖው አንድ ሐረግ ይጠይቃል፣ ሌሎቹ በሁለት ድምፅ «አሜን» እንደማለት ይመልሳሉ። አውጪና ተቀባይ ያደገበት ሰው እዚህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህም ቆጠራ ለመጀመር ይመቻል። አራት ምት ሲሞላ አንድ ጣት ማጠፍ ነው፤ ስምንት ጣት ሲታጠፍ አንድ ክፍል አለቀ። ክፍሎቹ አራት ናቸው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው ብቻ የተለየ። እጅግ ብዙ የጃዝ ዜማዎች የተሠሩት በዚሁ ልክ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጣቶቼን እያጠፍኩ ስቆጥር ረዳቱ መልስ ያልሰጠኝ መስሎት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሁሉም በላይ ቆየሁ፤ አንድ ሥራ ብቻ ለሰባት ቀን። የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ነው፤ በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀዳው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የሚባለው አልበም መክፈቻ። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ አለፍ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ምንም አልሰማሁም ማለት ይቻላል። ሁለት ሁለት ድምፅ የሚያወጡ ነፋሾች ብቻ ይሰማሉ፤ ምን እንደሚያደርጉ አይገባም። ለጋሼ ስነግረው በምን እንደሰማሁ ጠየቀኝ። በስልኬ ድምፅ ማጉያ። «ዜማውን የሚጫወተው እኮ ቤዙ ነው!» አለኝ። ትንሹ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም። ጥያቄው ተቆርጦ መልሱን ብቻ ነበር ስሰማ የዋልኩት። ርካሽም ቢሆን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የፖል ቻምበርስ ቤዝ ሲናገርና ሌሎቹ ሲመልሱለት ግልጽ ብሎ ወጣ። የሆቴሉም ነገር እዚህ ላይ ገባኝ፤ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ከጣሪያ ላይ የሚወርድ ጃዝ መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን ነው፤ ያለ ቤዝ ደግሞ ሌላው ሁሉ ያለ ወለል የቆመ ቤት ነው።

«ሶ ዋት» ለጀማሪ የሚመችበት ምክንያት ስምምነቱ ስለማይሯሯጥ ነው። ስኬል፣ እኛ ቅኝት እንደምንለው ያለ፣ ሁለት ብቻ አለው። በአንዱ ላይ ሁለት ክፍል ይቆያል፣ በሦስተኛው ክፍል ሁሉም ነገር ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ በአራተኛው ይመለሳል። አንድ ሙሉ ዙር አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ይቀረዋል፤ ከፍታው ደግሞ ዐሥራ አራት ሰከንድ ያህል ይቆያል። ቆጠራው ከጠፋብህ ከመጀመሪያው መመለስ አያስፈልግም። ጨዋታው ከፍ እስኪል ጠብቅ፣ ሲወርድ ስምንት ጣት ቁጠር፣ ከዚያ በኋላ ያለው አዲስ ዙር ነው። በአዲሱ ዙር ሁለት ጊዜ ስምንት ጣት ሳይሞላ ከፍ ካለብህ ምት ዘለህ ቆጥረሃል ማለት ነው፤ እኔን በአብዛኛው የሚያሳስተኝ የቤዙን ምት ትቼ የነፋሹን መከተል ነበር። ቤዙ በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ እርምጃ ስለሚራመድ የሚቆጠረው እርሱ ነው።

መግቢያው ላይ ፒያኖና ቤዝ ግማሽ ደቂቃ ያህል ምት ሳይይዙ ያንሾካሹካሉ፤ ያንን መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ዜማው አንድ ዙር ይሰማል። አንድ ደቂቃ ተኩል ላይ የጂሚ ኮብ ጸናጽል «ጽሽሽ» ብሎ ይፈነዳና ማይልስ ይገባል። እርሱ ሁለት ዙር አለው፤ ጥቂት ድምፅ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይናገራል። ዝምታው እንደ ጥሩ ተራኪ ዝምታ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስናፍቃል። ሦስት ደቂቃ ተኩል ሊሞላ ሲል ኮልትሬን ይቀበላል፤ በዚያው ልክ ቦታ ላይ ቃላት ይደረድራል፣ እንደ ጠበቃ። አምስተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ካኖንቦል አደርሊ በሳክስፎን ሲገባ ፊቱ ላይ ፈገግታ ያለ ይመስላል። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ቢል ኢቫንስ በፒያኖ ሲወጣ ነፋሾቹ ከኋላው ያንኑ የመጀመሪያውን ሁለት ድምፅ እያሉ ይመልሱለታል። ያኔ ነው ዜማው ጠፍቶ እንዳልነበር የሚገባህ።

ሁለት ቀን ለቤዙ ብቻ፣ ሁለት ቀን ለማይልስ፣ አንድ ቀን ለኮልትሬን ሰጠሁ። ሰባተኛው ቀን ላይ ጣቶቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሰማሁ። ከፍታው ከመምጣቱ በፊት እንደሚመጣ አወቅሁ። የጭብጨባው ነገር የተፈታልኝ በዚያን ዕለት ነው፤ ሰዎቹ የሚያጨበጭቡት ባለ ሶሎው ዙሩን ጨርሶ ሲወርድ ነው፤ ቦታው ድንገተኛ አልነበረም።

አራተኛው ሳምንት የ«ትዝታ»ው ፈተና ነበር፦ አንድ ዘፈን በሦስት ሰው። ገርሽዊን በ1935 መድረክ ላይ ለወጣ ኦፔራ የሠራውን እሽሩሩ፣ «ሰመርታይም»ን መረጥን። መጀመሪያ ኤላ ፊትዝጀራልድና ሉዊ አርምስትሮንግ ሲዘፍኑት፤ ዜማው በቃል እስኪያዝ ድረስ። ቀጥሎ ማይልስ በጊል ኢቫንስ አቀናባሪነት የተጫወተው፤ ዘፋኙ ብቻ በትራምፔት የተተካ ስለሚመስል አያስቸግርም። ሦስተኛው የኮልትሬን ነው፤ እሽሩሩውን ወደ ክርክር ለውጦታል። እዚህ ላይ ወደቅሁ። ጋሼ ወደ ኋላ መልሶ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን አሰማኝ። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይጮኻል፣ ማንም ግን «ዜማው የታለ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ የሚፎክር ሰው እንደሆነ እናውቃለና። በማግስቱ ኮልትሬንን በዚያው ጆሮ ሰማሁት። አልተመቸኝም፣ ግን አልዘጋሁትም።

የማይወጣልኝ ነገር አሁንም አለ። የአርባዎቹን የኒው ዮርክ ፈጣን ጃዝ፣ ቢቦፕ የሚሉትን፣ ከሦስት ሥራ በላይ ተከታትዬ መስማት አልችልም፤ ጣቴ ምቱን አይደርስበትም። ረጅም የድራም ሶሎ ሲመጣም ሻይ ለማፍላት እነሣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ «ጃያንት ስቴፕስ» ተመለስኩ። አሁንም ዳገቱ ያዞረኛል። የፍላናጋን ተራ ሲደርስ ግን ከዙሩ የት ላይ እንዳለ እየቆጠርኩ፣ እጁ የሚያመነታበት ቦታ ላይ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።