ድምሩ ዜሮ የሆነው ልዩነት

ለቦርድ በሚቀርብ የኦዲት ሪፖርት ላይ «በናሙናው የተጣራ ልዩነት አልታየም» የሚል ቃል ሳይ ቶሎ ወደ ዝርዝሩ እሄዳለሁ። የተጣራ ልዩነት ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ለማሳያ አንድ ድርጅት እንውሰድ። በፋይል ያሉት የዓመቱ የዱቤ ግዢ ደረሰኞች 24 ሚሊዮን ብር ናቸው። በዕጣ 60 ተመረጡ፤ ድምራቸው 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። ከአቅራቢዎች ተከፋይ ሂሳብ ጋር ሲመሳከሩ ሦስቱ አልገጠሙም። አንደኛው ደረሰኝ 48,650 ሲል መዝገቡ 46,850 ይላል፤ 1,800 ጎድሏል። ሁለተኛው 115,000 ሆኖ ሳለ የተመዘገበው 100,000 ነው። ሦስተኛው፣ የ16,800 ብሩ፣ ሁለት ጊዜ ገብቷል። የጎደለው 16,800፣ የበዛውም 16,800፤ ሲቻቻሉ ዜሮ!

ልዩነቱ ራሱ መንስኤውን ይጠቁማል። 1,800 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። 115,000 ለ1.15 ሲካፈል ልክ 100,000 ይመጣል፤ ስለዚህ 15 በመቶው ቫት ተዘሏል። እዚህ ላይ የአቅራቢው ዕዳ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ ሊያቀናንሰው የሚችለው የግብዓት ቫትም ሳይመዘገብ ቀርቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። ደረሰኙ መጀመሪያ በኢሜይል በስካን መጣና ቁጥሩ 00457 ተብሎ ገባ። በኋላ ዋናው ሲደርስ 457 ተብሎ ተመዘገበ። ሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስላያቸው አላስጠነቀቀም። የሚገኘው የአቅራቢውን ሂሳብ ከፍቶ ተመሳሳይ የገንዘብ መጠን በመፈለግ ነው። ቀጥሎ የባንክ ክፍያውን ማየት ግድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ከሆነ የመዝገብ እርማት አይበቃም፣ ገንዘቡ መመለስ አለበት።

ስለዚህ ቦርዱ የጎደለውንና የበዛውን ለየብቻ ማየት አለበት። ከ60 ሦስቱ፣ ማለትም 5 በመቶው፣ ስህተት አለበት። በገንዘብ በየአቅጣጫው 0.84 በመቶ ነው፤ ወደ 24 ሚሊዮኑ ሲሰላ በየአቅጣጫው 201,600 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ ግምት ነው፤ በመዝገብ የሚታረሙት የተገኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ማኔጅመንቱ ግን በቀሪዎቹ ደረሰኞች ላይ ቁጥራቸው በዜሮ የሚጀምሩትንና ቫት የሌላቸውን ምዝገባዎች አውጥቶ እንዲፈትሽ ሪፖርቱ በግልጽ ይጠይቅ። የናሙና ደረሰኝ «ጠፍቷል» ተብሎ በሌላ እንዲተካ መፍቀድም አይገባም፤ ያልቀረበው እንደ ስህተት ይቆጠራል።

ፍተሻው ከየት ወደ የት እንደሄደም ይጻፍ። ከደረሰኝ ወደ መዝገብ የሚሄድ ምርመራ ሳይመዘገብ የቀረውን ወይም ተዛብቶ የተመዘገበውን ያሳያል፤ ደረሰኝ ጨርሶ የሌለውን ምዝገባ ግን አይነካውም። እሱን ለማግኘት ከመዝገቡ ሌላ ናሙና ተወስዶ ወደ ደረሰኙ መሄድ ያስፈልጋል።