ጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት ላይ ቢጫ ሎጎ

ዱባይ መጀመሪያ የሠራሁት መጋዘን ውስጥ ነበር፣ ዕቃ መጫንና ማውረድ። በኋላ ቲሸርት የሚያትም ሱቅ ገባሁ። እዚያ አብሮኝ የሚሠራ ፊሊፒናዊ ነበር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፎቶሾፕ ያሳየኝ እሱ ነው። የሱና የኔ እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ሙሉ ሰው አይወጣውም ነበር፣ ግን እጁን እያየሁ ለመድኩ።

አሁን ሐዋሳ ተመልሼ ከእህቴ ልጅ ጋር ትንሽ የህትመት ሱቅ አለን። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ውጭ ያሉ ልጆች ናቸው። ለሠርግ ያዛሉ፣ ለቤተሰብ መገናኛ ያዛሉ፣ ለሰፈር ኳስ ቡድን አሠርተው ይልካሉ። ጨርቁን በእጃቸው ነክተው አያዩም፣ ስለዚህ ከመታተሙ በፊት በቴሌግራም ፎቶ ይጠይቃሉ። እኔም ዱባይ ሆኜ ብር ልኬ ያሠራሁትን ሁሉ በፎቶ ነበር የማየው፣ ስለዚህ ይገባኛል። ገንዘቡን ልኮ ፎቶ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ይሰላል። ሎጎው ደረት ላይ እንደ ቴምብር ተለጥፎ ካየ ወዲያው ነው የሚደውለው።

በቅርቡ አሜሪካ ያሉ የሰፈር ልጆች ጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት አዘዙን፣ ደረቱ ላይ ዓሣና ጀልባ ያለበት ቢጫ ሎጎ። የእህቴ ልጅ ባዶውን ቲሸርት ለበሰና ሐይቁ ዳር ፎቶ አነሳሁት። አሥር ሰዓት አካባቢ ነው ያነሳሁት፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ የጨርቁ ሽብሽብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀትር ላይ ቢሆን ሽብሽቡ ሁሉ ይጠፋል፣ እሱ ከጠፋ ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ፣ ሎጎውን የታተመ እስኪመስል በፎቶሾፕ ከጨርቁ ጋር የማጠፍ ሥራ ከንቱ ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ ሎጎውን ከጨርቁ ጋር የሚያጥፈው ፊልተር Displace ይባላል። ይሄ ፊልተር ጨርቅ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ትሰጡታላችሁ፣ ካርታ እንበለው፣ እሱም በካርታው ድምቀት ልክ የሎጎውን ነጥቦች ከቦታቸው ይገፋል። ድምቀት ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። መሐሉ፣ 128 ላይ ያለው ግራጫ፣ ምንም አይገፋም። ከዚያ የጨለመው ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል፣ የደመቀው ወደ ተቃራኒው። አንድ እጥፋት ደግሞ ባንዱ ጎኑ ብርሃን፣ በሌላው ጥላ ስላለው የሎጎው መስመር እዚያ ሲደርስ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ዓይናችን ያንን ሲያይ "ታጥፏል" ይላል። ጠቅላላ ምስጢሩ ይሄው ነው።

የእህቴ ልጅ ቀድሞኝ ሞክሮት ነበር። ፎቶውን በ Desaturate ጥቁርና ነጭ አደረገ፣ PSD አድርጎ አስቀመጠ (ፊልተሩ ካርታውን JPG ከሆነ አይቀበልም)፣ ሎጎው ላይ Filter > Distort > Displace ከፍቶ የአግድሙንም የቁመቱንም Scale 8 አለ፣ ካርታውን መረጠለት። ከዚያ ጠራኝ። "አጎቴ፣ ሎጎው ተንሸራተተ እንጂ አልታጠፈም!"

ልክ ነው፣ ተንሸራቷል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። Scale 100 ሲሆን ትልቁ ግፊት 128 ፒክስል ነው፣ ስለዚህ 8 ላይ ወደ 10 ፒክስል ይሆናል። ቲሸርቱ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው። ካርታው ላይ ደረቱን ስንለካው በጣም የጨለመው ጥላ 25፣ በጣም የደመቀው ጫፍ 60 ሆነ። ሁሉም ከ128 በታች ነው። እንግዲህ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል ማለት ነው፣ ጥላው 8 ፒክስል፣ የደመቀው 5 ፒክስል ከምናምን። ሎጎው እንዳለ ሄደ፣ በእጥፋቱ ሁለት ጎን መካከል ያለው ልዩነት ግን 3 ፒክስል አይሞላም። ፎቶው ስፋቱ 3000 ፒክስል ነው፣ 3ቱን ማን ያያቸዋል? ነጭ ቲሸርት ላይም ያው ነው የሚገጥማችሁ፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። Scale መጨመር አያድንም፣ መንሸራተቱም አብሮ ይጨምራል።

መፍትሔው ካርታው ላይ ነው። ጨለማና ብርሃን የሚዘረጋውን Levels ከፍተን የጥቁሩን ጫፍ 20፣ የነጩን 65 አደረግነው። መሐለኛዋን ደግሞ የደረቱ ተራ ጨርቅ 128 አካባቢ እስኪመጣ ትንሽ ነካናት። ፊትና ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ግድ የለም፣ እዚያ ሎጎ የለም። አሁን ጥላው ወደ 30፣ የደመቀው ከ220 በላይ ወጣ። ያው Scale 8 አሁን ባንድ በኩል 8፣ በሌላው 8 ፒክስል ገደማ ይገፋል፣ ተራው ጨርቅ ላይ ያለው የሎጎ ክፍል ከቦታው አይነቃነቅም።

ግን Levels ሲዘረጋ የጨርቁ ክርም አብሮ ይጎላል። እንዲሁ ከተጠቀማችሁበት የሎጎው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ለዚህ ካርታውን የሚያደበዝዝ Gaussian Blur ያስፈልጋል፣ በዚህ ፎቶ Radius 4 በቃን። ከበዛ ትንንሹ ሽብሽብ ይሟሟል። ክሩ ጠፍቶ እጥፋቱ ሲቀር እዚያው ቁሙ።

ሌላ ያስቸገረን የቦርሳ ማንገቻ ነው። ልጁ ቦርሳውን አላወለቀም ነበር፣ የማንገቻው ጥላ ደረቱ ላይ አረፈ፣ የጀልባው አፍንጫም በጥላው ላይ ተጣመመ። ፊልተሩ ጥላና እጥፋት አይለይም ብያችኋለሁ። ካርታው ላይ ያንን ጥላ በጎኑ ባለው ግራጫ ቀብተን አጠፋነው። እድፍም፣ ቀድሞ የታተመ ጽሑፍም እንደዚሁ ነው የሚጠፋው።

የደረቱን ክብነት ግን ከ Displace አትጠብቁ። እሱ ሽብሽብ ነው የሚያውቀው። ሎጎው ደረት ላይ የሚወጠረውን፣ ወደ ብብት ሲሄድ የሚጠበውን መጀመሪያ በ Edit > Transform > Warp በእጅ ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው Displace። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሎጎውን Smart Object አድርጉት፣ ዋናው ሎጎ ሳይነካ Warpም Displaceም በላዩ ይቀመጣሉ። ደንበኛው "ትንሽ ከፍ አድርገው" ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ ከዜሮ አትጀምሩም።

ቅርጹ ተስተካክሎም ቢጫው ቀለም እንዳለ ያበራ ነበር፣ ጥላ አልነካውም። ብዙ ቪዲዮ የሎጎውን Blend Mode Multiply አድርጉ ይላል። ነጭ ቲሸርት ላይ ይሠራል፣ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ግን ቢጫው ይጨልምና ሎጎው ይጠፋል። እኛ የሠራነውን ካርታ ራሱን ከሎጎው በላይ አመጣነው፣ ሎጎው ላይ ብቻ እንዲያርፍ Clipping Mask አድርገን Hard Light መረጥን፣ Opacity 40 አካባቢ። Hard Light ውስጥም መሐለኛው ግራጫ ምንም አይለውጥም፣ ስለዚህ ጥላው ጋ ቢጫው ይደበዝዛል፣ ጫፉ ጋ ይደምቃል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል።

ፎቶውን ላክን። ከአሜሪካ የመጣው መልስ "አትማችሁታል እንዴ? ሌላ ቀለም ልንጠይቃችሁ ነበር እኮ" የሚል ነበር። የእህቴ ልጅ ሳቀ። ቢጫውን ወደ ነጭ ቀየርንላቸው፣ Smart Object ስለሆነ ሎጎውን ከፍተን ቀለም መለወጥ ብቻ ነበር።

ለማተሚያው የሚሄደው ግን ይሄ ፋይል አይደለም። ማሽኑ ላይ ጨርቁ ተዘርግቶ ነው የሚታተመው፣ የታጠፈ ሎጎ ከላካችሁለት እጥፋቱን ለዘላለም ቲሸርቱ ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ሱቃችን ውስጥ ሁለት ፎልደር አለ፣ አንዱ "ለደንበኛ"፣ አንዱ "ለማሽን"። Displace የነካው ፋይል ሁለተኛው ውስጥ አይገባም።